ገበያው ሲቀዘቅዝ ዋጋው ለምን ይንራል?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ የልብስ ሱቅ አለኝ። ደንበኛ ጠፍቷል፤ አከፋፋዩ ግን ዕቃ በመጣ ቁጥር ዋጋ ይጨምርብኛል። አንድ ባለሙያ በሬዲዮ ይህን «ስታግፍሌሽን» ሲል ሰማሁት። በአማርኛ ምን ይባላል? ደግሞስ ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋ መርከስ አልነበረበትም?

መልስ፦ ከቃሉ ልጀምር። የፈጠራው ባለቤት ኢኮኖሚስት ሳይሆን ፖለቲከኛ ነው። የብሪታንያ የምክር ቤት አባል የነበረው ኢየን ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1965 መንግሥትን ሲነቅፍ፣ ስታግኔሽን ከሚለው ቃል ራሱን፣ ኢንፍሌሽን ከሚለው ደግሞ ጅራቱን ወስዶ አንድ አደረጋቸው። እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ቆርጦ መስፋት ይወዳል። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ስፌት አይመቸውም፤ ከ«መቀዛቀዝ» ግማሹን፣ ከ«ንረት» ግማሹን ወስደን ብንሰፋ የሚያውቀው ሰው አይኖርም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች «የኑሮ ውድነት» ብለው ያልፉታል። ይህ ስሕተት ነው። ውድነት ዋጋው አሁን የደረሰበትን ከፍታ ይናገራል፤ ንረት ግን ወደ ላይ የሚሄድበትን ፍጥነት። ንረት ከ20 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወረደ ሲባል ብዙ ሰው ዋጋ የቀነሰ ይመስለዋል። አልቀነሰም፤ አምና 100 ብር የነበረው ዕቃ ዘንድሮ 115 ብር ሆኗል ማለት ነው። ዋጋው ራሱ ቢወርድ «ረከሰ» እንላለን። (በነገራችን ላይ «ኑሮ ናረ» ሲባል ሁለቱ ቃላት እኅትማማች ይመስላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። «ኑሮ» ከ«ኖረ» የመጣ ሲሆን፣ የእሱም ሥር የግእዙ «ነበረ» ነው።)

«የኢኮኖሚ ድቀት»ም አይሆንም። ድቀት በግእዝ ከ«ወድቀ» የወጣ፣ መውደቅ ማለት ነው፤ ልደት ከ«ወለደ» እንደ ወጣ ማለት ነው። እርስዎ የገለጹት ገበያ ገና አልወደቀም፤ ተቀዛቅዟል። ስለዚህ እኔ «መቀዛቀዝን ያዘለ የዋጋ ንረት» ብዬ እጽፋለሁ። «ቀዝቃዛ ንረት» የሚል አጭር ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር፤ ነገር ግን አንባቢ ለዘብ ያለ ንረት ነው ብሎ ይረዳዋል፤ እውነቱ ደግሞ ተቃራኒው ነው።

«ያዘለ» የሚለውን የመረጥኩት ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ስለሚሆን ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋ ይረክሳል የሚለው አስተሳሰብዎ ትክክል የሚሆነው ቅዝቃዜው ከገዢ ኪስ ሲጀምር ነው። ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ነጋዴው ዋጋ ይቀንሳል። ችግሩ ከአምራቹ በኩል ሲጀምር ግን አንዱ ምክንያት ሁለቱንም ይወልዳል።

አንድ ዳቦ ቤት እንበል፤ አዘዞ መንገድ ዳር አድርገን እናስበው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የኔ ናቸው። በቀን 1,000 ዳቦ በ10 ብር ይሸጣል። ለአንዱ ዳቦ ዱቄትና ማገዶ 7 ብር ይፈጃል፤ ስለዚህ 3,000 ብር ይተርፈዋል። ከዚያ ላይ ለሁለት ሠራተኞች 800፣ ለኪራይና ለባንክ ዕዳ 1,500 ብር ከፍሎ 700 ብር ይዞ ይገባል። ዱቄት በድንገት ተወደደና የአንዱ ዳቦ ወጪ 9 ብር ሆነ። ባለቤቱ ዳቦውን 12 ብር አደረገው፤ ገዢውም ወደ 700 ወረደ። አሁን የሚተርፈው 2,100 ብር ሲሆን ሁለቱን ሠራተኞችና ዕዳውን ከከፈለ በቀን 200 ብር ይከስራል። አንዱን ሠራተኛ አሰናበተ። ይኸው፤ ዋጋው በ20 በመቶ ናረ፣ ምርቱ በ30 በመቶ ቀነሰ፣ አንድ ሰው ሥራ አጣ። የሁሉም ምክንያት ዱቄት ነው። ንረቱ መቀዛቀዙን በጀርባው አዝሎ መጣ።

እንግዲህ መንግሥትን ወይም ብሔራዊ ባንክን በዚህ ዳቦ ቤት ፊት ያቁሙት። ወለድ ቢጨምር የባለቤቱ ዕዳ ይከብዳል፤ ገዢውም የበለጠ ይሸሻል፤ የቀረው ሠራተኛም ይሰናበታል። ዱቄቱ ግን በወለድ አይረክስም። ወለድ ቀንሶ ገንዘብ ቢያሠራጭ 300ው ገዢዎች ይመለሱ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ገበያ ላይ ያለው ዱቄት አልበዛም፤ ስለዚህ ባለ ወፍጮው ሰልፉን አይቶ እንደገና ይጨምራል። ዳቦውን በ10 ብር ሽጥ ብሎ ቢያስገድደውስ? 1,000 ዳቦ ሸጦ 1,000 ብር ይተርፈዋል፤ ኪራዩንና ዕዳውን እንኳን አይሸፍንም። ወይ ይዘጋል፣ ወይ ዳቦውን ያሳንሳል። መጠኑ እያነሰ ዋጋው ያልተለወጠ ዳቦ የተደበቀ ንረት ነው፤ እንዲህ ያለውን ለመለየት ሚዛን ይበቃል።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የአረብ ነዳጅ ላኪ አገሮች ማዕቀብ ሲጥሉ፣ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ ከ3 ዶላር አካባቢ በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ያ ጭማሪ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ተወዶባቸው ነበር። አሜሪካ ደግሞ ዋጋና ሥራ አጥነት አብረው ሲወጡ አየች። በዚያ ዘመን ብዙ ኢኮኖሚስቶች አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፣ መንግሥትም ከሁለቱ መካከል ይመርጣል ብለው ያምኑ ስለነበር ግራ ተጋቡ። የዋጋ ቁጥጥሩንማ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞክረውታል፤ ለ90 ቀን ዋጋና ደመወዝ እንዳይጨምር አገዱ፤ ቁጥጥሩ እየላላ ሲሄድ ንረቱ ተመልሶ መጣ።

ከሁሉ የከፋው የሰው ግምት ነው። ዋጋ ነገም ይጨምራል ብሎ ያመነ ሠራተኛ ዛሬውኑ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ነጋዴውም አስቀድሞ ይጨምራል። ያን ጊዜ ዱቄቱ ቢረክስ እንኳን ንረቱ በራሱ እግር ይሄዳል። እርስዎም አከፋፋዩ ገና ሳይጨምር ቀድመው የሱሪ ዋጋ ከፍ አድርገው ከሆነ፣ ምልክቱን ከራስዎ ሱቅ አግኝተውታል።

ፖል ቮልከር እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ ሲረከቡ የመረጡት ይህን ግምት መስበርን ነው። የባንኮች የአጭር ጊዜ ብድር ወለድ ወደ 20 በመቶ ወጣ። ቤት ሠሪዎች ሥራ ሲፈቱ የእንጨት ቁራጭ በፖስታ ላኩባቸው፤ ገበሬዎች በትራክተር ወደ መሥሪያ ቤታቸው መጡ። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነቱ 10.8 በመቶ ደረሰ። በ1980 ከ14 በመቶ ያለፈው ንረት ግን በ1983 ከ4 በመቶ በታች ሆነ። እኔ የቋንቋ ሰው ነኝና ትክክል ነበሩ አልነበሩም ብዬ አልፈርድም፤ ሆኖም ዕዳውን የከፈሉት ንረቱን ያመጡት ሰዎች እንዳልነበሩ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ወደ አጻጻፉ ስመለስ፣ በጽሑፍ መጀመሪያ ላይ «መቀዛቀዝን ያዘለ የዋጋ ንረት (ስታግፍሌሽን)» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ «ያዘለው ንረት» ቢሉ አንባቢ ይከተልዎታል። ለደንበኛዎ ከሆነ ግን በሱቅ የሚነገረው «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ዋጋው ግን ይንራል» የሚለው አነጋገር ምንም አልጎደለውም፤ እንዲያውም «ዋጋው ግን» የሚለውን በ«ዋጋውም» ቢተኩት ከባለሙያው አተረጓጎም ጋር ይገጥማል።