መሃሏን ሳጥን ከመሰረዛችሁ በፊት

ዳሰሳ ጥናት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

መጠይቅ አርቅቃችሁ ስታሳዩኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «እስማማለሁም አልስማማምም» የምትለውን ሳጥን መሃል ላይ እንተዋት ወይስ እናውጣት? አውጧት የሚሉት፣ ሰው እዚያ ስለሚደበቅ ቁርጡን ይናገር ባዮች ናቸው። ተዋት የሚሉት ደግሞ አቋም የሌለውን ሰው ለምን እናስዋሸዋለን ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ግን ክርክሩን ከቁጥሩ ብትጀምሩት እመርጣለሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓት ሊቀይር አስቦ ሠራተኞቹን ጠየቀ እንበል። ጥያቄው «አዲሱ ሰዓት ይሻላል» የሚል ነው። 200 ሰዎች መለሱ። 70ው ተስማሙ፣ 50ው አልተስማሙም፣ 80ው መሃል ላይ ምልክት አደረጉ። አሁን መሃሏን አውጥታችሁ እነዚያኑ ሰዎች ጠይቁ። 80ዎቹ የግድ ይከፈላሉ። 44ቱ ወደ መስማማት፣ 36ቱ ወደ አለመስማማት ሄዱ እንበል። ውጤቱ 114 ለ86 ሆነ።

እስቲ ሪፖርቱን ጻፉት። በመጀመሪያው ቅጽ «የደገፉት 35 በመቶ ብቻ ናቸው» ትላላችሁ። በሁለተኛው «57 በመቶው ደግፏል» ትላላችሁ። አለቃው አንደኛውን ካነበበ ዕቅዱን ይተወዋል፣ ሁለተኛውን ካነበበ ያጸድቀዋል። ከሠራተኞቹ ግን አንድም ሰው ሐሳቡን አልቀየረም።

አቋም የያዙትን ብቻ ብትቆጥሩ ነገሩ ይለወጣል። በመጀመሪያው ቅጽ ከ120ው 70ው፣ ማለትም 58 በመቶ ያህሉ ደጋፊ ነው። ከ57ቱ ጋር ምንም ያህል አይራራቅም። ይህ የኔ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ሹማን እና ፕሬሰር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሟቸው የአሜሪካ ሙከራዎች ይህንኑ አሳይተዋል። መሃሉ ሲቀርብ እዚያ የሚያርፈው ሰው በደንብ ይጨምራል፣ የደጋፊና የተቃዋሚ ንጽጽር ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙም አይናጋም። ስለዚህ «ስንት በመቶው ደገፈ» ብቻውን አይጻፍ። የመሃሉ ድርሻና የሁለቱ ወገን ንጽጽር አብረው ይቅረቡ።

«አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት በምክንያት ነው። ንጽጽሩ የሚናጋበት ጊዜ አለ። ስለ ቅርብ አለቃው የተጠየቀ ሠራተኛ ስሙ እንዳይታወቅ ቢሰጋ መሃሏ መሸሸጊያው ናት። እሷን ከወሰዳችሁበት እውነቱን አያወጣም፤ «እስማማለሁ» ብሎ ይገላገላችኋል። በዚያ ላይ ሰው ለማያስብበት ነገር እሺ ማለት ይቀናዋል። ከ80ዎቹ 60ዎቹ በዚህ ምክንያት ወደ እሺታ ቢያዘነብሉ ድጋፉ 65 በመቶ ይደርሳል። ይህን ለመያዝ እዚያው መጠይቅ ውስጥ «የቀድሞው ሰዓት ይሻላል» የሚል ተቃራኒ ጥያቄ ራቅ አድርጋችሁ አስገቡ። ለሁለቱም «እስማማለሁ» ያለ ሰው ስለ ሰዓቱ የነገራችሁ ነገር የለም።

መሃሏን መተውም ቢሆን ችግሩን አይፈታውም፣ ምክንያቱም እዚያ የሚያርፉት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሁለቱንም ጎን መዝኖ እኩል የሆነበት ነው። ሌላው ሰዓቱ ጭራሽ አይመለከተውም። ሦስተኛው ስለ ለውጡ ገና አልሰማም። በብሪታንያ የተሠራ አንድ ጥናት መሃሉን የመረጡትን መላልሶ ሲጠይቃቸው አብዛኞቹ «አቋም የለኝም» ለማለት እንደተጠቀሙበት አግኝቷል። አላውቅም ማለት ያሳፍራላ!

ስለዚህ እኔ መሃሏን እተዋለሁ፣ «ስለ ጉዳዩ አላውቅም» የሚለውን ግን ከመስመሩ ውጪ፣ ዳር ላይ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። መሃል ላይ ያረፈውን ደግሞ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ «የግድ ይምረጡ ቢባሉ ወደ የትኛው ያዘነብላሉ?» መልሱን ለብቻው እመዘግባለሁ እንጂ ከደጋፊው ጋር አልደምረውም።

ማስገደድ ጨርሶ አይሠራም ማለቴ አይደለም። መላሹ ነገ በእውነት አንዱን የሚመርጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሁለት የሥራ ፈረቃ አንዱን፣ መጠይቁም ያስመርጠው። ግን የወረቀት ቅጾቹን ዓይናችሁ እያየ አገላብጡ። ከሳጥኖቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ክብ የሠሩ፣ ሁለቱንም ምልክት ያደረጉ ወይም ጥያቄውን የዘለሉ ከበዙ፣ የሰረዛችሁትን ሳጥን ሰዎቹ በእጃቸው እየመለሱት ነው። በኦንላይን ቅጽ ደግሞ እዚያው ጥያቄ ላይ አቋርጠው የሚወጡትን ተከታተሉ።

ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ በሙከራው ዙር መላሾችን በዕጣ ለሁለት ክፈሏቸውና ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ቅጽ ጠይቁ። ዋናው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ግን ቅጹን አትንኩ። ዘንድሮ አምስት፣ ለከርሞ አራት ሳጥን ካደረጋችሁ የሁለቱን ዓመት አማካይ ማወዳደር አይቻልም። ለሳጥኖቹ ከ1 ጀምራችሁ ቁጥር ስትሰጡ በአንደኛው መሃሉ 3 ነው፣ በሌላው 2.5። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሠራተኛው ቅር ተሰኘ ብሎ ሊጽፍ ይችላል።