የቀለበት ሽቦ ዘንግ ላይ የሚባዛው R ነው ወይስ z?

ጥያቄ፦ «ከረንት የሚያልፍበት ክብ ሽቦ ዘንግ ላይ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ በባዮ-ሳቫር ሕግ ስሠራው μ0·I·R·z / 2(R²+z²)^(3/2) ይመጣብኛል። መጽሐፉ ላይ ግን ከላይ ያለው R² ነው። ደጋግሜ ብሠራም የት ጋ እንደሳትኩ አልገባኝም። የጎን ኮምፖነንቱ ይጠፋፋል የሚባለውም ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አለ?»

ወንድሜ፣ ይህን ርዕስ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። የፈተና ወረቀት ሳርም ደግሞ ያንተን መልስ በየጊዜው አገኘዋለሁ። ከየት እንደሚመጣም አውቀዋለሁ። ቻርጅ የተደረገ ቀለበት ዘንጉ ላይ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ መስክ ልክ እንደዚህ ዓይነት ቅርጽ አለው። ላይ z፣ ታች (R²+z²)^(3/2)። እሱን መጀመሪያ የተማረ ሰው ሥዕሉን እንዳለ ወደ ማግኔት ያሻግረዋል። ቀለበቱ ያው ነው፣ ዘንጉም ያው ነው፣ ርቀቱም አልተቀየረም። የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመስኩ አቅጣጫ።

የኤሌክትሪክ መስክ ከቻርጁ ወደ ነጥቡ በሚሄደው መስመር ላይ ይተኛል። መግነጢሳዊ መስክ ግን ለዚያ መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ በ90 ዲግሪ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ለኤሌክትሪኩ z/r የነበረው ለማግኔቱ R/r ይሆናል። ስህተትህ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሌላው ሥራህ ሁሉ ትክክል ነው።

አሁን ቀስ ብለን እንየው። ቀለበቱን ከጎን ሆነህ ሳለው። ዘንጉ በወረቀትህ ላይ አግድም ይሂድ። ቀለበቱ በጠርዙ ስለሚታይህ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይሆናል። ከላይኛው ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የሽቦ ቁራጭ dl ውሰድ። ከዘንጉ ያላት ከፍታ R ነው። ነጥብህ P ዘንጉ ላይ ከመሃል z ርቆ ይገኛል። ከቁራጯ እስከ P ያለው መስመር ርዝመቱ r = √(R²+z²) ነው።

ቁራጯ ላይ ከረንቱ ወዴት ይሄዳል? ወደ ወረቀቱ ውስጥ ወይም ከወረቀቱ ወደ አንተ። ከቁራጯ ወደ P የሚሄደው መስመር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወረቀቱ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ በ dl እና በ r መካከል ያለው ማዕዘን ሁልጊዜ 90 ዲግሪ ነው። P የትም ብትሆን፣ ዘንጉ ላይ እስካለች ድረስ። በክሮስ ፕሮዳክቱ ውስጥ ያለው ሳይን 1 ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያጋደለውን ማዕዘን ያስገባል። አታስገባው። ያ ማዕዘን የሚመጣው በኋላ፣ ኮምፖነንት ስናወጣ ነው።

እንግዲህ የእያንዳንዷ ቁራጭ ድርሻ dB = (μ0·I/4π)·dl/r² ነው። አቅጣጫው ወረቀቱ ላይ ሆኖ ለ r መስመር ቀጥ ያለ ነው። የ r መስመር በዘንጉ አቅጣጫ z ሄዶ በቁመት R ይወርዳል። ለእሱ ቀጥ ያለው ቬክተር ደግሞ በዘንጉ አቅጣጫ R ሄዶ በቁመት z ይወጣል። ሁለቱ ቦታ ተቀያየሩ። ስለዚህ በዘንጉ ላይ ያለው ድርሻ dB·R/r ነው፤ የጎኑ ድርሻ dB·z/r።

ሥዕሉን ካላመንከው በቬክተር አረጋግጠው። በቀለበቱ ዙሪያ ያለውን ማዕዘን φ እንበለው። ቁራጯ dl = R dφ (−sinφ, cosφ, 0) ናት። ከእሷ ወደ P የሚሄደው ቬክተር (−R cosφ, −R sinφ, z) ነው። ሁለቱን ክሮስ ስታደርግ ይህ ይወጣል፦

R dφ (z cosφ, z sinφ, R)

ሁሉም መልስ እዚህ መስመር ውስጥ አለ። ሦስተኛው ኮምፖነንት φ የለበትም። ስለዚህ በሙሉ ዙር ስትደምረው 2πR² ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት cosφ እና sinφ አለባቸው። ከ0 እስከ 2π ሲደመሩ ዜሮ ናቸው። እዚህ የተጠቀምነው ሙሉውን ቬክተር ስለሆነ ታች የሚገባው r³ ነው እንጂ r² አይደለም። r በዙሪያው ሁሉ እኩል ስለሆነ ከኢንተግራሉ ውጭ ይወጣል። ውጤቱ፦

B = μ0·I·R² / 2(R²+z²)^(3/2)

በቁጥር ደግሞ እንየው፣ እኔ ተማሪዎች ፊት ሁልጊዜ የምሠራው እሱን ነው። R = 6 ሴንቲ ሜትር፣ z = 8 ሴንቲ ሜትር፣ I = 5 አምፔር ውሰድ። r እንግዲህ ድፍን 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። μ0/4π ደግሞ 10⁻⁷ ነው። ከሽቦው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ውሰድ። ድርሻዋ 10⁻⁷ × 5 × 0.01 / 0.01 ነው። ይህ 0.5 ማይክሮ ቴስላ ነው። ከዚህ ውስጥ በዘንጉ አቅጣጫ 0.6 እጁ፣ ማለትም 0.3 ይሄዳል። ወደ ጎን ደግሞ 0.8 እጁ፣ ማለትም 0.4።

አሁን ከማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቷ ያለችውን ሌላ 1 ሴንቲ ሜትር ተመልከት። እዚያ ከረንቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ቁራጯም ያለችው በሌላኛው ወገን ነው። በዘንጉ አቅጣጫ እሷም 0.3 ታመጣለች፣ ወደዚያው ወገን። የጎኑ 0.4 ግን ወደ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ 0.3 እና 0.3 ይደመራሉ፣ 0.4 እና 0.4 ይጣፋሉ። የጎኑ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ አይደለም የሚጠፋው። እንዲያውም በዚህ ምሳሌ ከዘንጉ ይበልጣል። የሚጠፋው ጥንድ ስላለው ብቻ ነው።

የሽቦው ሙሉ ርዝመት 37.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በየሴንቲ ሜትሩ 0.3 ከሆነ፣ ጠቅላላው 11.3 ማይክሮ ቴስላ ይመጣል። ቀመሩም ይህንኑ ይሰጥሃል። ያንተ ቀመር ደግሞ 15.1 ይሰጣል። ይህ የምን ቁጥር እንደሆነ አየኸው? የጎን ድርሻዎቹን አቅጣጫቸውን ረስተህ መጠናቸውን ብቻ ስትደምር የሚመጣው ነው። እርስ በርስ መጣፋት የነበረበትን ይዘህ፣ መያዝ የነበረብህን ጣልከው።

መጣፋቱን ከልብ ለመረዳት የምመክረው ቀለበቱን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹን ብቻ ተወው፣ φ ከ−π/2 እስከ π/2። ጫፎቹን የሚያገናኘውን ሽቦ ለጊዜው ረስተህ የግማሹን ድርሻ ብቻ አስላ። የዘንጉ ድርሻ ግማሽ ይሆናል፣ 5.65 ማይክሮ ቴስላ። የጎኑ ግን ዜሮ አይደለም። የ cosφ ኢንተግራል 2 ስለሚሆን 4.8 ማይክሮ ቴስላ ይመጣል። የ15.1 ግማሽ 7.5 አለመሆኑንም ልብ በል። ግማሽ ክቡ ላይ ያሉት ቁራጮችም ሁሉም ወደ አንድ ጎን አይጠቁሙም፤ ከፊሉ እዚያው ይጣፋል። «በሲሜትሪ ዜሮ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ጥያቄ ሳቀርብለት ነው ገብቶት እንደሆነ የማውቀው።

መልስህ ትክክል መሆኑን ሳትጠይቅ የምታውቅበት መንገድም አለ። z = 0 አድርግ። መሃል ላይ ሆነህ ሁሉም ቁራጮች በአንድ ድምፅ ወደ ዘንጉ ነው የሚገፉት። ስለዚህ መስኩ እዚያ ትልቁ መሆን አለበት፣ μ0·I/2R። በእኛ ቁጥር 52.4 ማይክሮ ቴስላ። ያንተ ቀመር ግን ዜሮ ይላል። ከዚያም በላይ z ኔጌቲቭ ሲሆን ምልክቱን ይቀይራል። ለቻርጅ ቀለበት ይህ ትክክል ነው፤ መስኩ በሁለቱም ወገን ከቀለበቱ ይሸሻል። የከረንት ቀለበት ግን መስኩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። አቅጣጫው አይገለበጥም።

ከሩቅም እየው። z ከ R እጅግ ሲበልጥ B ወደ μ0·I·R²/2z³ ይጠጋል። አንዱ 1/z² የመጣው ከርቀቱ ነው። የቀረው R/z ከማጋደሉ ነው። እየራቅህ ስትሄድ የእያንዳንዷ ድርሻ ከዘንጉ ወደ ጎን እየተኛ ይሄዳል፤ የሚተርፈውም ትንሽ ነው። R/r ማባዛት የረሳ ሰው 1/z² ያገኛል፣ ያም የሌለ የማግኔት ቻርጅ እንዳለ ያህል ነው።

አንድ የምወደው ማረጋገጫ ልጨምር። B ን በዘንጉ ላይ ከ−∞ እስከ +∞ ደምረው። z = R tanθ ብለህ ተካ፣ ኢንተግራሉ ወደ cosθ ይወርድልሃል። ውጤቱ ልክ μ0·I ነው፣ R የለበትም። ይህ የአምፔር ሕግ ነው፤ መስመሩ ከሩቅ ዞሮ ሲዘጋ ከረንቱን አንድ ጊዜ ይከበዋል። ያንተ ቀመር እዚህ ዜሮ ይሰጣል። የአምፔር ሕግ ይህን ድምር ይነግርሃል እንጂ በየነጥቡ ያለውን B ነጥሎ አይሰጥህም። ለዚህ ነው ከባዮ-ሳቫር መጀመር የግድ የሆነው። ከዘንጉ ትንሽ ወጣ ስትል ደግሞ r በዙሪያው እኩል መሆኑ ይቀራል፣ ኢንተግራሉም ኤሊፕቲክ ይሆናል። በወረቀት አትድከም፣ በኮምፒውተር ደምረው።

ልትለካው ካሰብክ፣ በአንድ ዙር 5 አምፔር ከማሳለፍ 50 ዙር ጠምጥመህ 0.1 አምፔር ማሳለፍ ይቀላል። የጥቅሉ ውፍረት ከ R በጣም ማነሱን ብቻ አረጋግጥ። ወደ ጥቅሉ የሚገቡትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዛቸው፣ አለዚያ የራሳቸው መስክ ይጨመርብሃል። የምድር መስክ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ስለሆነ 11.3ቱን ይውጠዋል። ስለዚህ ሴንሰሩን በዘንጉ አቅጣጫ አድርግና አንዴ ለካ። ከዚያ ምንም ሳታንቀሳቅስ ከረንቱን ገልብጠህ ድገመው። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ የጥቅሉ ነው።

ትልቁ የልኬት ስህተት የሚመጣው ከ z ነው። በ8 ሴንቲ ሜትር ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት B ን በ2.4 በመቶ ያህል ይቀይረዋል። ስልክ ከሆነ የምትለካበት ሴንሰሩ የት እንደተቀመጠ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ በቀለበቱ ወዲህና ወዲያ እየለካህ እኩል ንባብ የሚሰጡህን ሁለት ቦታዎች ፈልግ። የእነሱ መሃል z = 0 ነው፤ ርቀቱን ከዚያ ቁጠር።