ውሃ እየጠጣህ እግርህ ለምን እንደሚከብድህ

ሰሞኑን አንድ የከሚሴ ልጅ "ጋሼ፣ ውሃ እየጠጣሁ ነው የምሮጠው፣ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ እግሬ እንጨት ይሆንብኛል" አለኝ፣ እንቅልፍ ነሳኝ። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ሌላ ልጅ ይሄንኑ ሲለኝ "ስንፍና ነው" ብዬዋለሁ።

ያኔ ደሴ አሰልጣኝ ነበርኩ። ልጆቹ ጦሳ ስር ያደጉ፣ ብርድ የለመዱ ናቸው። ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ወረድን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ልንጀምር መኪናው ዘግይቶብን 4 ሰዓት ሆነ፣ እኔም እልኸኛ ነበርኩና ጀምሩ አልኩ። በየአምስት ኪሎሜትሩ የልጁን አንገት ይዤ ትርታውን እቆጥራለሁ፣ መጀመሪያ በ15 ሰከንድ 38 ነበር፣ በኋላ በዛው ፍጥነት 43 ገባ፣ በደቂቃ ከ152 ወደ 172 ማለት ነው። "እግሬ ከበደኝ" አለኝ። ጠንክር ብዬ ጮህኩበት።

አሁን ሳስበው ምልክቱ እጄ ላይ ነበር። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ቢበዛ ሩቡ ነው ወደ ሩጫ የሚሄደው፣ የቀረው ሙቀት ነው። ያንን ሙቀት ለማውጣት ደም ወደ ቆዳ መሄድ አለበት፣ ጡንቻውም ደሙን ይፈልጋል፣ ላብ ደግሞ ከዛው ከደሙ ውሃ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ያንሳል፣ ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። የጋለ ጡንቻ ያጠራቀመውን ስኳርም ቶሎ ይጨርሳል፣ የውስጥ ሙቀት ከ37 ተነስቶ ወደ 40 ሲጠጋ ደግሞ አንጎል ራሱ ለጡንቻ የሚሰጠውን ትእዛዝ ይቀንሳል። ልጁ አልሰነፈም ማለት ነው።

ትንሽ ቆይቶ መንገዱን ያዛባ ጀመር፣ የት ነን ስለው "ሐይቅ" አለኝ። እያላበው ስለነበር ደህና ነው ብዬ ውሃ ላጠጣው ስታገል (ሰው ሲቀባዥር አፉ ውስጥ ውሃ አይጨመርም፣ ያንቀዋል) ውሃ ቀድተው የሚመለሱ እናቶች ገፉኝና ጀሪካናቸውን ከራሱ እስከ እግሩ አፈሰሱበት፣ እያራገቡ። እነሱ ናቸው ያተረፉት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ሃኪም ቤት የሚወስድ መኪና እስኪመጣ።

ከዛ በኋላ ሯጮቼን ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ መመዘን ጀመርኩ። አንዱ 58 ኪሎ ሄዶ ከሁለት ሰዓት ሩጫ 56 ሆኖ መጣ፣ መንገድ ላይ ግማሽ ሊትር ጠጥቷል፣ ስለዚህ ያላበው 2 ሊትር ተኩል ነው። ከኪሎው ከመቶ ሶስት ምናምን ሄዷል፣ ከመቶ ሁለት አካባቢ ሲያልፍ ነው ብዙ ሰው የሚደክመው። የዛሬ ልጆች የሚያብረቀርቅ ሰዓት አላችሁ፣ ሚዛን ላይ ግን አትወጡም!

ጠጡ እያልኩ መልሼ ብዙ አትጠጡ እላለሁ፣ ይቅርታ። ከሩጫ በኋላ ከበፊቱ ከከበድክ አብዝተሃል፣ የደም ጨው ይቀጥናል፣ ያም ይገላል። ውሃ ደግሞ ደሙን ይተካል እንጂ ሙቀቱን ብቻውን አያወጣም፣ ለሱ ፍጥነት መቀነስ ነው ያለው፣ ቆላ የማያውቅ ሰውነት እስኪለምድ አስር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

የከሚሴው ልጅ፣ ነገ ስትሮጥ በፊትና በኋላ ተመዘን፣ የጠጣኸውን ጨምረህ ቁጥሩን ላክልኝ።