የአምስት ብር ደረሰኝ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን አንድ የቢሯችን ልጅ ጥያቄ ጠየቀኝ። የጎረቤቱ እናት አርፈዋል። ቀብሩ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። «የእድራችን የቀሪ ቅጣት 100 ብር ነው» አለኝ። «ራይድ ደርሶ መልስ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ግማሽ ቀኔም ይሄዳል። ቅጣቱን ብከፍልና ለልጅየው በቴሌብር የሆነ ነገር ብልክለት ምን ነውር አለው፣ እትዬ? እርስዎ ሶሺዮሎጂ ተምረዋል። ሂሳቡ ልክ አይደለም?»

ሂሳቡ ልክ ነው። ችግሩም እሱ ነው። ያን ሂሳብ እኔ ራሴ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በፊት ሠርቼዋለሁ፤ ለራሴ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ሰፈር ሙሉ።

1991 ዓ.ም. ነው። ስድስት ኪሎ ተምሬ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ አሁን የለም፤ ፈርሷል፤ ሰዉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። በዚያን ጊዜ ግን ጥሩምባ ሲነፋ ማን እንደሞተ ሳይነገርህ በሮጠው ሰው ታውቀው ነበር። የእድራችን ጸሐፊ አይናቸው ደከመና የእኔ ጽሕፈት ያምራል ተብሎ መዝገቡ ለእኔ ተሰጠኝ። 84 አባል። ወርሃዊ መዋጮ አምስት ብር። ከቀብር ለቀረ ቅጣት አንድ ብር።

አንድ ብሩ ግን ለወጉ ያህል ነው። ዋናው ቅጣት ሌላ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው በወሩ ስብሰባ ላይ የእድሩ ዳኛ «ምነው፣ ታመህ ነበር?» ይሉታል። በቃ፣ ይቺው ናት። ሰውየው ሰማንያ ሰው ፊት ተነሥቶ ይናገራል። አንዳንዱ ይዋሻል። አንድ ጎረምሳ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አያቱን ገድሏል፤ እድሩ ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ አያትየውን ሊቀብር አልተጠራም። ሳቁ ሳምንት ቆየ።

እኔ ያኔ ጭንቅላቴ በአሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት በጆርጅ ሆማንስ ተሞልቶ ነበር። ሆማንስ እ.ኤ.አ. በ1958 የሰው ለሰው ግንኙነት ልውውጥ ነው ብሎ ጻፈ። ሰው ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ ያገኘውን ካወጣው ወጪ ጋር ያመዛዝናል። ትርፍ ካለው ይቀጥላል፣ ከሌለው ይተዋል። ሰው የሚያዋጣውን አስልቶ ይመርጣል የሚሉት የምክንያታዊ ምርጫ ሰዎች ይህንኑ ወደ ሁሉም ነገር ወሰዱት፤ ወደ ጋብቻ፣ ወደ ድምፅ መስጠት፣ ወደ ወንጀል። እኔም ወደ ቀብር ወሰድኩት። መዝገቡን ሳገላብጥ ከአንድ ቀብር በአማካይ አሥር ሰው ገደማ ይቀር ነበር። «መቅረት ርካሽ ስለሆነ ነው» አልኩ። ዋጋው ይጨምር፤ መቅረት ይቀንሳል። ደግሞስ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ኋላ ቀርነት ነው። ቅጣቱ አምስት ብር ይሁን፤ የከፈለ ሰው ግን አይጠየቅ። ደረሰኝ ይቀበል፣ አለቀ። በእጅ ብልጫ አለፈ። ዳኛው እጃቸውን አላወጡም፤ ግን አልተከራከሩኝም።

በአራተኛው ወር ቀሪው ከሃያ አለፈ።

ክረምቱ ነው አልኩ። መስከረም ሲጠባም አልቀነሰ። ሱቅ ያላቸው፣ መኪና ያላቸው፣ ቢሮ የሚገቡ ናቸው መጀመሪያ የቀሩት። ለእነሱ አምስት ብር ምንም አይደለም። እዚህ ላይ ንድፈ ሐሳቡ አልተሳሳተም፤ ጊዜው ውድ የሆነበት ሰው ቀድሞ ይቀራል ይላል፣ ቀሩም። በጠቅላላው ግን ዋጋ ሲጨምር መቅረት መቀነስ ነበረበት። እጥፍ ሆነ።

ስለራሴ ልናገር። በኅዳር ወር ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እማማ አረፉ። ስማቸውን አልጽፍም። እናቴ ሥራ ስትውል ምሳ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ሽሮአቸው ውስጥ በሶብላ ያበዙ ነበር፤ እስከ ዛሬ በሶብላ ሲሸተኝ ትምህርት ቤት የቀረሁ ይመስለኛል። በዚያን ቀን ወርክሾፕ ነበረኝ። አበሉ 70 ብር ነው። ቅጣቱ አምስት። 65 ብር ትርፍ። ይህን በሆዴ አስልቼ ወርክሾፑ ሄድኩ። ምሽት ለቅሶ እደርሳለሁ አልኩ። መሸ። ሰልስት ላይ እሄዳለሁ አልኩ። በሰልስቱም ወርክሾፑ አላለቀም።

በወሩ ስብሰባ ቅጣቴን ልከፍል ተነሣሁ። ገንዘብ ያዡን የምታግዘው የእማማ ልጅ ነበረች። ጥቁር ለብሳለች። አምስት ብሬን ተቀበለች፣ ደረሰኝ ቆረጠች፣ ስሜን አስተካክላ ጻፈችና «አመሰግናለሁ» ብላ ሰጠችኝ። ፊቷ ላይ ምንም ቁጣ የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ ገና ዕዳ አለብኝ ማለት ነበር።

እዚያው ወንበሬ ላይ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ሌላው ሶሺዮሎጂስት ፒተር ብላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው መጽሐፍ የልውውጥን ነገር ሁለት አድርጎ ይከፍለዋል። በገበያ ልውውጥ ውስጥ የምትከፍለው የተቆረጠ ነው፤ ከፍለህ ትለያያለህ። በማኅበራዊ ልውውጥ ግን የምትመልሰው መጠን አይነገርም፣ ቀኑም አይነገርም። ግንኙነቱን የሚያቆየው ይህ አለመነገሩ ነው። ምሳ ስላበላችህ ሴት «ስንት ዕዳ አለብኝ?» አይባልም። እኔ መጠኑን ቆረጥኩት። አምስት ብር። ስለዚህ ተከፈለና አለቀ። መጽሐፉን ፈተና ላይ ጽፌበት ጥሩ ውጤት አግኝቼበት ነበር፤ ቀልዱ ይህ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ይሻር አልኩ። ተሻረ። አንድ ብሩም፣ ጥያቄውም ተመለሰ። ሰዉ ግን አልተመለሰም። ዳኛው «ምነው፣ ታመህ ነበር?» ሲሉ አንዱ «አምስት ብሩ ቀረ እንዴ?» አላቸው። ዳኛው በኋላ ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ፣ ሰውየው በነፃ ያፍር ነበር። አንቺ ገንዘብ ተቀብለሽ አሳረፍሽው» አሉኝ።

አንድ እድር ማስረጃ አይሆንም። የማነጻጽርበት ሌላ እድር አልነበረኝም። ግን ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ኒዚ እና ሩስቲኪኒ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የእስራኤሏ ሃይፋ ከተማ ላይ የሠሩትን አሳተሙ። 10 የሕፃናት ማቆያዎች። ወላጆች ልጅ ለመውሰድ ያረፍዳሉ። ለ4 ሳምንት ዝም ብለው ቆጠሩ። ከዚያ በ6ቱ ማቆያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ ያረፈደ 10 ሸቅል ይቀጣል ተባለ፤ 4ቱ ግን ለማነጻጸሪያ እንዳሉ ቀሩ። ቅጣት ባለባቸው የሚያረፍደው ወላጅ በሳምንታት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሆነ። በ17ኛው ሳምንት ቅጣቱ ሲነሣ ማርፈዱ ከፍ እንዳለ ቀረ። አንብቤ ስጨርስ የዶሮ ማነቂያን መዝገብ ያነበብኩ መሰለኝ።

አሁን ወጣቶቹ የንድፈ ሐሳቡ ጠበቆች (እናንተ መቼም በሁሉም ነገር «ያዋጣል ወይ?» ማለት ትወዳላችሁ) የምትሉኝን አውቃለሁ። «ኀፍረትም ወጪ ነው፤ ሂሳቡ ውስጥ አስገቢው።» ጥሩ፣ እናስገባው። ኀፍረት እንደ ሁለት ብር ይቆጠር። አምስት ብር ቅጣት ሲጨመርበት ሰባት ይሆናል። መቅረት ይወደዳል፣ ቀሪ ይቀንሳል። አልቀነሰም። እንግዲህ ኀፍረት ከብር ጋር የሚደመር ነገር አይደለም፤ ብሩ ሲመጣ ኀፍረቱ ሄደ። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ሲነሣ ሂሳቡ ወደ ነበረበት መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም፤ ኀፍረቱ የለማ። እዚህ ላይም «ሰዉ የመቅረትን ትርጉም እንደ አዲስ ተረዳው» ብላችሁ ማምለጥ ትችላላችሁ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የጎደለውን ወጪ እየፈለጉ ማስገባት ግን ማስረዳት አይደለም። አስቀድሞ የማይነግር ሂሳብ ለእድር ጸሐፊ ምን ያደርጋል?

ዮን ኤልስተር የሚባል ኖርዌያዊ ከምክንያታዊ ምርጫ ሰዎች ወገን ሆኖ ነው ይህን የነቀፈው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ምክንያታዊነት «ያን ከፈለግህ ይህን አድርግ» ይላል፤ ማኅበራዊ ደንብ ግን «ይህን አድርግ» ብቻ ይላል ባይ ነው። ደንቡን የሚያቆመው ውጤቱ ሳይሆን ኀፍረቱና ንዴቱ ነው። እናቴ ለቅሶ ስትሄድ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየለበሰች «ነገ ለኔም ይመጡልኛል» ስትል ሰምቼ አላውቅም። «ይሄዳል» ነው የምትለው። ማን ይሄዳል፣ ለምን ይሄዳል፣ የለም። ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ብዬም ሂሳቡን አልተውኩትም። ስለ ቤት ኪራይ ስትጠይቁኝ የሥነ ልቦና ሰዎቹ ቲቦና ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሉትን ነው የምመልስላችሁ፦ ሰው ተደስቶ ብቻ አይደለም የሚቆየው፤ የተሻለ አማራጭ ስላጣም ይቆያል። አከራይዋ ስታማርርህ ካልወጣህ ወደሃት አይደለም። እዚያ ላይ ንድፈ ሐሳቡ ቢላ ነው። ባለፈው ወርም የአንዲት ዘመድ ሠርግ ቀርቼ በቴሌብር ልኬያለሁ። አዎ፣ እኔ። ሠርግና ለቅሶ አንድ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ደረሰኙ አሁንም አለ። ሆማንስ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ገጹን ልለይበት አስገብቼው ቀረ። የእማማ ልጅ ጀሞ እንደምትኖር ሰምቻለሁ። ስልኳንም ሰው ሰጥቶኛል። ደውዬ ምን ልላት እንደሆነ አላውቅም፤ ከፍያለሁና።

ለልጁ በማግስቱ መልሴን ሰጠሁት። ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» አልኩት። በስድስት አለኝ። «እኔም እመጣለሁ» አልኩ። ራይዱን እኔ ልክፈል ስል ግማሹን በቴሌብር ላከልኝ። ሳንቲሙን ሳይቀር።