ረጅም ሩጫ ላይ ሆዴ ለምን ያስቸግረኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለመጀመሪያ ማራቶኔ እየተዘጋጀሁ ነው። እሑድ እሑድ በጣና ዳር አድርጌ እስከ 28 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅብኛል። እስከ 20ኛው ኪሎ ሜትር ከውኃ በቀር ምንም አልወስድም። ከዚያ ሲዝለኝ እህቴ ከውጭ የላከችልኝን ጄል፣ ያንን ሯጮች ለጉልበት የሚወስዱትን ወፍራም ጣፋጭ፣ ሁለቱን አከታትዬ እወስድና በለስላሳ አወራርደዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሆዴ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል፤ ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዞኝ ሩጫውን አቋርጫለሁ። ጓደኞቼ “ጄሉን ተይውና በሶና ሙዝ ያዢ” ይሉኛል። ሆዴ ጄል አይስማማውም ማለት ነው?

መልስ፦ ጄሉን ገና አይጣሉት። ችግሩ ያለው በመጠኑና በሰዓቱ ላይ ይመስለኛል።

እስቲ አብረን እንደምረው። አንድ ጄል አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ስለዚህ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ 80 ግራም የሚጠጋ ስኳር ሆድዎ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያውም ሁለት ሰዓት ከሮጡ በኋላ። ስንሮጥ ደም ወደ እግርና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ለሆድና ለአንጀት የሚደርሰው ይቀንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ባለ ሰዓት የወፈረ ስኳር በአንዴ ሲመጣበት አንጀት ለማቅጠን ከሰውነት ውኃ ይስባል። መነፋቱም ተቅማጡም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጄል በውኃ ብቻ ነው የሚወሰደው፤ በለስላሳም በስፖርት መጠጥም አይወራረድም።

አንጀት ስኳርን የሚያስገባው በተለያዩ በሮች ነው። ግሉኮስ በራሱ በር ይገባል፤ ይህ በር በሰዓት 60 ግራም ገደማ ካሳለፈ በኋላ ይጨናነቃል። ፍሩክቶስ ሌላ በር አለው። ጥሩ ጄሎች ሁለቱን ቀላቅለው የሚሠሩት ለዚህ ነው። የቤታችን ስኳርም በተፈጥሮው ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ለብዙ ጊዜ የተለማመዱ ሯጮች በሰዓት እስከ 90 ግራም ይደርሳሉ። ለእርስዎ የመጀመሪያ ማራቶን ግን በሰዓት 50 ግራም አካባቢ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይሩጡለት።

ደስ የሚለው ነገር ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይቀበላል። በሩጫ ላይ አዘውትረው ሲወስዱ ጨጓራ የገባለትን ቶሎ ማሳለፍ ይለምዳል፤ በአንጀት ያሉት የግሉኮስ በሮችም ይበዛሉ። ይህ ለውጥ በሳምንታት ውስጥ የሚታይ ነው። ስለዚህ ስምንት ሳምንት ቢሰጡት ጥሩ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሰዓት አንድ ጄል ይበቃል። እሱንም ለሁለት ይክፈሉት፦ ግማሹን ሩጫ በጀመሩ በ30ኛው ደቂቃ፣ ግማሹን በ60ኛው፤ እንዲህ እያሉ ይቀጥሉ። በየጊዜው ጥቂት ጉንጭ ውኃ ያስከትሉ። እስኪዝሉ አይጠብቁ። ጉልበት ካለቀ በኋላ የሚወሰድ ጄል ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ሆድም በዚያ ሰዓት ይበልጥ ይቆጣል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሙሉ ጄል በየ40 ደቂቃው ይውሰዱ። በአምስተኛውና በስድስተኛው በየ30 ደቂቃው ያድርጉት። ይህ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ግራም ይሰጥዎታል። የቀሩትን ሁለት ሳምንታት መጠኑን ሳይጨምሩ፣ ከረጅሙ ሩጫ የተወሰነውን በውድድር ፍጥነትዎ እየሮጡ ይለማመዱት። በዝግታ ሲሮጡ የተስማማ ነገር ሲፈጥኑ ላይስማማ ይችላል። ሆድዎ ካስቸገረዎት አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመልሰው አንድ ሳምንት ይቆዩበት።

በየሩጫው ጄል መጨረስ ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ለልምምድ ቤት የሚሠራው መጠጥ ጥሩ ነው፦ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ሁለት ተኩል ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ቁንጥጫ ጨው፣ ከፈለጉ ትንሽ ሎሚ። ይህ 30 ግራም ገደማ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እየተጎነጩ ይጨርሱታል። በሳምንቱ መካከል ባለው ሩጫ በዚህ ይለማመዱ። ለውድድሩ ቀን ያሰቡትን ጄል ግን ቢያንስ በመጨረሻዎቹ ሦስት ረጅም ሩጫዎች ይሞክሩት።

ጓደኞችዎም ፈጽሞ አልተሳሳቱም። በደንብ የበሰለ መካከለኛ ሙዝ ከአንድ ጄል ጋር ይመጣጠናል። ጨው የነካው ትንሽ የተቀቀለ ድንችም ይሆናል፤ ጣፋጭ ሲሰለችዎት ያግዛል። ቴምር ጉልበቱ ጥሩ ነው፤ ቃጫ ስላለው ግን አያብዙት። ማር ከስኳር ይልቅ ፍሩክቶሱ ትንሽ ያመዝናል፤ ብቻውን ብዙ ሲወሰድ አንዳንድ ሰው ሆዱን ይነፋዋል። የሚታኘኩት የስፖርት ከረሜላዎችም ከጄል የሚለዩት በመታኘካቸው ነው። እያለከለኩ ማኘክ ስለሚከብድ ቀስ ብለው በሚሮጡበት ጊዜ ይሻላሉ፤ እነሱም ውኃ ይፈልጋሉ። በሶን ግን ለሩጫው መሀል አልመርጠውም። ቃጫው ብዙ ስለሆነ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ከሩጫ በኋላ ይድረስ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚሮጡ ከሆነ 10 ሰዓት ላይ ነጭ ዳቦ በማርና በሻይ ይብሉ። እሑድ ሊሮጡ ቅዳሜ ማታ ምስርና ሽሮ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥም ባይበሉ ይመረጣል።

ስህተቱ የት እንዳለ ሆድዎ ራሱ ይነግርዎታል። ከላይ፣ ጨጓራዎ አካባቢ ከከበደዎትና ሲሮጡ ፈሳሹ ሲንቦጫቦጭ ከተሰማዎት ከጨጓራ አልወጣም ማለት ነው። ወይ መጠጡ ወፍሯል፣ ወይ ፍጥነትዎ በዝቷል። ያን ጊዜ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ እስኪያልፍልዎ ጄሉን ያቆዩት፤ ንጹሕ ውኃ ብቻ በትንሹ ይጎንጩ። ከእምብርት በታች ከነፋዎት፣ ከቆረጠዎትና ወደ ሽንት ቤት ካጣደፈዎት ደግሞ ስኳሩ አንጀት ሳይመጥጠው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዷል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። በሚቀጥለው እሑድ በአንድ ጊዜ የሚወስዱትን መጠን ያሳንሱ። የእርስዎ ምልክት ወደዚህኛው ያደላል።

ለጉልበት ሕመም ብለው ከሩጫ በፊት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚወስዱ ከሆነ ያቁሙት። ደም ያነሰውን አንጀት ይበልጥ ይጎዳል፤ ኩላሊትንም ያስቸግራል። ውኃንም ከጥማትዎ በላይ በግድ አይጠጡ፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን በላይ ከቀጠነ አደገኛ ነው። የስኳር ሕመም ካለብዎት ይህንን መርሐ ግብር ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩት።

ተቅማጡ በማይሮጡበት ቀንም የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በአካባቢያችን ጃርዲያና አሜባ ብርቅ አይደሉም፤ በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያሠሩ። ደም ካዩ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሱ የሚቀጥለውን እሑድ ሳይጠብቁ ይታዩ።