ሲሲው እኩል ሆኖ ጉልበቱ ለምን ተለያየ?

«ሁለት ሃይሉክስ አይቻለሁ፤ አንዱ 5ኤል፣ አንዱ 1ኬዲ ሞተር። ሊብሬው ላይ ሁለቱም 3000 ሲሲ ገደማ ናቸው። ታዲያ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ 5ኤሉ ለምን ይለምናል?»

ወንድሜ፣ ሲሲ የሚለካው ቦታን ነው፤ ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ የሚጠርገው ቦታ በሲሊንደሮቹ ብዛት ሲባዛ። የ5ኤል ሲሊንደር ስፋት 99.5 ሚሜ፣ የፒስተኑ ምት 96 ሚሜ ነው፤ 0.7854 የክብ ስፋት ማስያ ቁጥር፣ 4 የሲሊንደሮቹ ብዛት ነው፣ በ1000 ማካፈሉ ወደ ሲሲ ይቀይረዋል፦

```
99.5 × 99.5 × 0.7854 × 96 × 4 ÷ 1000 = 2986
```

የ1ኬዲው 96 በ103 ስለሆነ 2982 ይመጣል፤ እንዲያውም በ4 ሲሲ ያንሳል። ጉልበቱ ግን የ5ኤሉ 95 ፈረስ ገደማ ሲሆን፣ 1ኬዲው ሃይሉክስ ላይ ከ160 በላይ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው አየር ነው። ናፍጣ የሚቃጠለው አየር በፈቀደለት መጠን ብቻ ነው። 5ኤል ቱርቦ የለውም፤ የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ነው። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ 95ቱ ፈረስ እዚህ ወደ 70 ይወርዳል። ናፍጣ ፓምፑን «ክፈተው» የሚል መካኒክ ቢያጋጥምህ አትስማው፤ የሚጨምረው ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው፣ ቴስታታውን ያቃጥልብሃል። 1ኬዲው ግን በቱርቦ አየሩን ጨምቆ፣ በኢንተርኩለር አቀዝቅዞ ስለሚያስገባ የከፍታው ጉዳት ብዙም አይሰማውም። ናፍጣውንም በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ይረጫል።

ሁለተኛው ነገር ዙር ነው። የያሪስ 1500 ሲሲ ቤንዚን ሞተር በግማሽ ሲሲ 105 ፈረስ ገደማ ያወጣል፣ ምክንያቱም በደቂቃ 6000 ዙር ይደርሳል፤ 5ኤሉ በ4000 ያበቃል። ታች ዙር ላይ ጭነት መጎተት ግን 5ኤሉ ይበልጠዋል። ፈረስና ጉተታን አታደባልቅ።

ሻጭ «ሲሊንደሩ ተሞርዶ ሲሲው ጨምሯል» ካለህ ሒሳቡን ሥራ፦ በ0.50 ሚሜ ሰፍቶ 100 ሲሆን 3016 ይሆናል፣ አንድ በመቶ ብቻ። ከእድሳት በኋላ የሚሰማው ጉልበት ያለቀው ሲሊንደርና ቀለበት ተተክቶ ግፊት ስለተመለሰ ነው። በዚህ ወሬ ዋጋ የሚጨምሩ ሻጮች አሉ፣ ያሳዝናል።

1ኬዲውን ስትፈትሽ ደግሞ ሲሲ ሳይሆን ቱርቦውን እይ። ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር የሚሄደውን ቱቦ በእጅህ ዳብስ፤ ማሰሪያው ዙሪያ ዘይት ካለ፣ ጋዝ ሲረገጥ የሚያፏጭ የአየር ድምፅ ከሰማህና ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ የተጨመቀው አየር እያመለጠ ነው። ያን ጊዜ 1ኬዲውም እንደ 5ኤል ይለምናል። መጀመሪያ ማሰሪያውንና ቱቦውን ቀይር፤ ቱርቦ ግዛ የሚልህ ካለ ይህን ሳታይ ብር አታውጣ።