ስልኩ ፎርማት ቢደረግም ሌባው አልወጣም

«አጎቴ ደውሎ ‹በቴሌብር 8,000 ብር ላክልኝ ያልከኝ ምን ገጥሞህ ነው?› አለኝ። እኔ ምንም አልጻፍኩም፤ ቴሌግራሜ ላይም እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም። የሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ ‹ቫይረስ ነው› ብሎ ትናንት ማታ ፎርማት አደረገልኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ለጓደኛዬም ተላከ። የቢሮ ኮምፒውተሬ ላይም ቴሌግራም አለኝ።»

ወንድሜ፣ ይሄ ቫይረስ አይደለም። ሰሞኑን የምታውቀው ሰው «ኮድ በስህተት ወዳንተ ተልኳል፣ አንብብልኝ» ብሎህ አምስት ቁጥር የነገርከው ይመስለኛል። የጻፈልህም እሱ ሳይሆን አካውንቱን ቀድሞ የወሰደበት ሌባ ነው። «ደውዬ ልስማው» ወይም «ስክሪንሾት ላክልኝ» ካለህ ደግሞ ጥርጥር የለኝም፤ ኮዱን በቴሌግራም ጽፈህ ብትልከው ቴሌግራም ራሱ ኮዱ እንዳይሠራ ያደርገዋልና። የብር ጥያቄው ጽሑፍ አንተ ጋ የማይታየው፣ ሌባው ከላከ በኋላ ካንተ ወገን ብቻ ስለሚያጠፋው ነው። አጎትህ ጋ ግን አለ።

ኮዱን ለማንም አትንገር። ለእኔም ቢሆን።

ፎርማቱ በጣም አናዶኛል። የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው ስልክህ ውስጥ ሳይሆን ሰርቨር ላይ ነው። ሌባው በኮዱ የገባው በራሱ ስልክ ስለሆነ ያንተን ስልክ ማጽዳት እሱን አይነካውም። ጉዳቱ ግን አለ። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ሌሎቹን እንዳያስወጣ ለ24 ሰዓት ያግደዋል። ይህም ሌባ እንደገባ ባለቤቱን እንዳያባርር ነው። ነባሩ ስልክህ ፎርማት ሲደረግ ወጣ፣ አንተም እንደ አዲስ ገባህ። ስለዚህ አሁን በቴሌግራም ዓይን እንግዳው አንተ ነህ፣ የቆየው እሱ ነው። እሱ ሊያስወጣህ ይችላል፤ አንተ ከስልክህ ልታስወጣው አትችልም።

ደግነቱ የቢሮው ኮምፒውተር አልተነካም። አሁኑኑ ሂድና በእሱ Settings፣ ከዚያ Devices ክፈት። የማታውቀው ስልክ ከነከተማው ተዘርዝሮ ታያለህ። Terminate All Other Sessions በል። ያንተም ስልክ አብሮ ይወጣል፤ በኋላ ትገባለህ። ከኮምፒውተሩ ሳትነሳ Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification አብራና የይለፍ ቃል አውጣ፤ የይለፍ ቃሉን ብትረሳ መልሶ ማግኛ የሚሆን ኢሜይልህንም አስገባ። ትናንት ስትገባ የይለፍ ቃል ካልጠየቀህ ሌባው እስከዚያ አልቆለፈብህም፤ ከቀደመህ ግን የእሱን የይለፍ ቃል ለማስነሳት 7 ቀን መጠበቅ ሊኖርብህ ነው።

ስልክህ ላይ ስትመልሰው ከቻናል የወረደ የተቀየረ ቴሌግራም እንዳትጭን። እንዲህ ያለውን ማን እንደነካካው አይታወቅም። ከፕሌይ ስቶር አውርድ።

ስትገባ ኮድ ይመጣልሃል። ያኔም ቢሆን «ከቴሌግራም ድርጅት ነው የምደውለው» ለሚል ሰው እንኳ አትንገር።

ለአጎትህና ለጓደኛህ በመደበኛ ስልክ ደውል፣ በቴሌግራም አትጻፍላቸው። ብር የላከ ካለ የተላከበትን ቁጥርና ደረሰኙን ይዞ ዛሬውኑ ለቴሌብርና ለፖሊስ ያመልክት። ነገ ጠዋት Devices ደግመህ ክፈት፤ ስልክህና ኮምፒውተርህ ብቻ ከቀሩ ወጥቷል።